የአንቲሳይኮቲክ አስተዛዘዝን ኦዲት ማድረግ፦ ከመስፈርት አወጣጥ እስከ ዳግም ኦዲት

«ኦዲት ሥሩ ተብለናል። ርዕሱ የአንቲሳይኮቲክ አስተዛዘዝ ነው። ከየት እንጀምር?» ይህን ጥያቄ ከሬዚደንቶች፣ ከፋርማሲስቶችና ከነርሶች ደጋግሜ እሰማለሁ። ሁሌም የምመልሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው ብያለሁ።

መጀመሪያ ርዕሱን አጥብቡት። «የአንቲሳይኮቲክ አስተዛዘዝ» ብላችሁ ከተነሳችሁ የክብደት ክትትሉም፣ የደም ምርመራውም፣ የክሎዛፒኑም፣ የአረጋውያኑም ጉዳይ ይመጣና ሁሉንም ነካክታችሁ አንዱንም ሳትጨርሱ ትቀራላችሁ። ለመጀመሪያ ኦዲት የምመክረው አንድ ጥያቄ ነው፦ በዋርዳችን ተኝተው ከሚታከሙ ሰዎች ስንቶቹ በጠቅላላው ከከፍተኛው መጠን በላይ ታዞላቸዋል? ስንቶቹስ ሁለት መድኃኒት አብረው ይወስዳሉ? የሚፈለገው መረጃ ቻርቱ ላይ ስላለ በአንድ ቀን መሰብሰብ ይቻላል። ውጤቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ሊለወጥ የሚችል ነው። መመሪያው በሙሉ የሚሄደው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ቢያንስ ሁለት መረጃ ሰብሳቢዎች። አንዱ ፋርማሲስት ቢሆን ጥሩ ነው።
- የመድኃኒቶች ከፍተኛ መጠን የተጻፈበት አንድ ፎርሙላሪ። ሁለት አይሁን፣ አንድ ብቻ። እትሙን ጻፉ።
- አንድ ገጽ የመረጃ መሰብሰቢያ ፎርም
- አንድ ገጽ የትርጉም ወረቀት (ደረጃ 3 ላይ እመለስበታለሁ)
- ኤክሴል ወይም ተመሳሳይ የሠንጠረዥ ፕሮግራም
- የታካሚ ስምና ኮድ የሚያገናኝ ዝርዝር፣ ከመረጃው ተለይቶ የሚቆለፍበት ቦታ
- የዋርዱ ኃላፊ ሐኪም ፈቃድ፣ በተቋሙ የኦዲት ወይም የጥራት ክፍል ካለም እዚያ ምዝገባ

ደረጃ 1፦ ኦዲት መሆኑን አረጋግጡ

ኦዲት የሚጠይቀው «ማድረግ ያለብንን እያደረግን ነው ወይ?» ብሎ ነው። «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» ካላችሁ ጥናት ሆነ። መንገዱም የሥነ ምግባር ፈቃዱም ሌላ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ይህ ነው፦ አስቀድሞ የተቀመጠ መስፈርት ከሌላችሁ የያዛችሁት ኦዲት አይደለም። ብዙ ጊዜ ለኦዲት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ቢሆንም የተቋማችሁን ደንብ ሳትጠይቁ አንድም ቻርት አትክፈቱ።

ደረጃ 2፦ መስፈርቶቹን ጻፉ

አራት ይበቃሉ። ከዚያ ሲበልጡ ሰብሳቢው ይደክመዋል፣ የመጨረሻዎቹ ዓምዶችም ባዶ ይቀራሉ።

በዩናይትድ ኪንግደም የሳይካትሪስቶች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሰነድ ከፍተኛ ዶዝ የሚባለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የአንድ መድኃኒት የቀን መጠን ከተፈቀደለት ጣሪያ ሲያልፍ ነው። ሁለተኛው የሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒቶች መጠን እያንዳንዱ ከራሱ ጣሪያ አንጻር በመቶኛ ተሰልቶ ድምሩ ከ100% ሲበልጥ ነው። የዚያው አገር የናይስ መመሪያም በዚያው ዓመት፣ ለምሳሌ መድኃኒት በሚቀየርበት አጭር ጊዜ ካልሆነ በቀር፣ ሁለት አንቲሳይኮቲክ በቋሚነት አብሮ መጀመር እንደማይገባ አስቀምጧል። እናንተ ዘንድ የሚሠራበት አገራዊ ወይም የተቋም መመሪያ ካለ እሱን አስቀድሙ። ሰው የሚቀበለው የራሱ የሚለውን መስፈርት ነው።

ከእነዚህ ተነስቼ የምጠቀምባቸው አራት መስፈርቶች እነሆ፦

1. የታዘዙት አንቲሳይኮቲኮች ሁሉ ድምር፣ ፒአርኤን ጨምሮ፣ ከ100% አይበልጥም። ከበለጠ ምክንያቱና የወሰነው ከፍተኛ ሐኪም ስም በታካሚው ፋይል ላይ ተጽፏል።
2. ታካሚው በቋሚነት የሚወስደው አንቲሳይኮቲክ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ነገሮች ከቆጠራው ይወጣሉ፦ የማብቂያ ቀን ያለው የመቀየሪያ ዕቅድ፣ እና በክሎዛፒን ላይ ሌላ መድኃኒት የተጨመረበት ምክንያቱ የተጻፈ ውሳኔ።
3. ድምሩ ከ100% በላይ የሆነ ታካሚ ሁሉ፣ ድምሩ ካለፈ በኋላ የተነሳ ኢሲጂ አለው፤ የኪውቲሲ ቁጥሩም ተጽፏል።
4. እያንዳንዱ የፒአርኤን ትዕዛዝ አራት ነገር ይዟል፦ ለምን እንደሚሰጥ፣ የአንድ ጊዜ መጠኑ፣ በሁለት ዶዝ መካከል የሚጠበቀው ክፍተት፣ የ24 ሰዓት ጣሪያው።

ግባችሁ ለአራቱም 100% ይሁን። ብዙ ሰው «80% ይበቃል» ይላል። ያ የሚያስፈልገው ልዩ ሁኔታ ላላስቀመጠ ሰው ነው። እናንተ ግን ልዩ ሁኔታውን መስፈርቱ ውስጥ ጽፋችኋል። ከ100% በላይ ያዘዘ ሐኪም ምክንያቱን ከጻፈ መስፈርቱን አሟልቷል፤ ስለዚህ ለቀሪው 20% የምትሰጡት ማብራሪያ አይኖራችሁም።

ደረጃ 3፦ የትርጉም ወረቀቱን አዘጋጁ

ኦዲት ከተበላሸ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቻርት አይተው ሁለት ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ይህ የሚሆነው በስንፍና አይደለም። ቃላቱን ቀድመው ስላልተስማሙባቸው ነው። ቻርት ከመክፈታችሁ በፊት የሚከተሉትን ጻፉ።

*አንቲሳይኮቲክ የሚባለው የትኛው ነው?* ስም በስም ዘርዝሩ። ለማቅለሽለሽ የሚታዘዘው ፕሮክሎርፔራዚን አንቲሳይኮቲክ ነው፤ ትቆጥሩታላችሁ ወይስ አትቆጥሩትም? ፕሮሜታዚን ደግሞ በኬሚካዊ ቤተሰቡ ቢቀርብም በአንቲሳይኮቲክነት አይቆጠርም። ይህን ያልጻፈ ቡድን መሀል ላይ ክርክር ውስጥ ይገባል።

*ከፍተኛው መጠን ስንት ነው?* ከመረጣችሁት ፎርሙላሪ ገልብጡ። የቃል፣ የጡንቻ መርፌና የዴፖ ጣሪያ ሊለያይ ስለሚችል ለየብቻ ጻፉ። ለዕድሜና ለሕመሙ ዓይነት የተለየ ጣሪያ ካለም አስገቡት፤ የአረጋዊ ጣሪያ ከጎልማሳው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

*ፒአርኤን እንዴት ይሰላል?* የታዘዘው ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛ መጠን ይወሰዳል። «5 ሚ.ግ. በየ12 ሰዓቱ ካስፈለገ» ከተባለ በቀን 10 ሚ.ግ. ነው። የ24 ሰዓት ጣሪያ ከተጻፈ እሱን ውሰዱ። ጣሪያውም ክፍተቱም ካልተጻፈ በግምት አትሙሉት። «አይሰላም» ብላችሁ መዝግቡ፣ በመስፈርት 1 እንዳልተሟላ ቁጠሩት፣ በሪፖርቱም ለብቻው አሳዩት።

*«ተጽፏል» ማለት ምን ማለት ነው?* ፋይሉ ላይ ካልተገኘ አልተደረገም ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። «ኢሲጂው ተነስቶ ነበር፣ ወረቀቱ ጠፋ» የሚል ሐኪም ይኖራል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሌሊት ተረኛ የሆነው ሐኪም ግን ያን ወረቀት አያየውም። ለታካሚው የሚጠቅመው የተጻፈው ነው።

የፒአርኤንን ነገር ለምን ይህን ያህል እንደማከርር ልንገራችሁ። ድምሩን ከጣሪያ በላይ የሚገፋው ብዙ ጊዜ ቋሚው ትዕዛዝ አይደለም። አንድ ሰው ሲገባ «ምናልባት ከተረበሸ» ተብሎ የተጻፈና ከዚያ በኋላ ማንም ያላየው የፒአርኤን መስመር ነው። ቋሚውን ብቻ የቆጠረ ቡድን «ችግር የለብንም» ብሎ ይመለሳል። ችግሩ ግን ቻርቱ ላይ ተኝቶ ሌሊት የሚረበሽ ታካሚን ይጠብቃል።

ደረጃ 4፦ እነማንን እንደምታዩ ወስኑ

ለተኝቶ ታካሚዎች ዋርድ ናሙና አያስፈልግም። አንድ ቀን ምረጡና በዚያ ቀን አልጋ ላይ ያሉትን ሁሉ እዩ። ቀኑን ለዋርዱ አስቀድማችሁ አታሳውቁ፤ ቻርት ይጸዳል። ከኃላፊው ጋር «በዚህ ወር ውስጥ አንድ ቀን» ብላችሁ ተስማሙ። ይህ መደበቅ አይደለም፤ የዘወትሩን አሠራር ለማየት ነው።

ለተመላላሽ ክሊኒክ ከሆነ በተከታታይ የመጡ 40 ያህል ሰዎችን ውሰዱ። «አስቸጋሪ የሆኑትን» መርጣችሁ አትውሰዱ። ከ40 ሰዎች 50% ካገኛችሁ እውነተኛው ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም በ15 ነጥብ ያህል ሊርቅ ይችላል። ከ10 ሰዎች ከሆነ ርቀቱ 30 ነጥብ ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ተመስርቶ ምንም ማለት አይቻልም።

ደረጃ 5፦ ፎርሙን በአምስት ቻርት ሞክሩ

ሁለቱ ሰብሳቢዎች እነዚያኑ አምስት ቻርቶች ለየብቻ ይሙሉ። ከዚያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በተለያያችሁበት ቦታ ሁሉ የትርጉም ወረቀቱን አስተካክሉ። «እኔ ልክ ነኝ» በሚል ክርክር አትግቡ። መለያየታችሁ የሚያሳየው ትርጉሙ ክፍት እንደሆነ ነው። በዚህ ሙከራ ላይ ሁሌም የሚገኝ ስህተት አለ፦ ዴፖው ይረሳል። የዴፖ መርፌ ብዙ ቦታ በተለየ ካርድ ወይም መዝገብ ላይ ስለሚጻፍ የዋርዱ ቻርት ላይ አይታይም። ስለዚህ ፎርሙ ላይ «የዴፖ ካርድ ታይቷል? አዎ/የለም» የሚል ሳጥን ጨምሩ።

ደረጃ 6፦ መረጃውን ሰብስቡ

ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ለአንድ ትዕዛዝ ይሁን፣ ለአንድ ታካሚ አይሁን። ሦስት መድኃኒት ያለው ሰው ሦስት ረድፍ ይኖረዋል። በአንድ ረድፍ «መድኃኒት 1፣ መድኃኒት 2፣ መድኃኒት 3» እያላችሁ ወደ ጎን ከሄዳችሁ አራተኛው ሲመጣ ቦታ ታጣላችሁ፣ ድምሩም ይሳሳታል።

ዓምዶቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ ኤ የታካሚ ኮድ፣ ቢ መድኃኒት፣ ሲ የቀን መጠን፣ ዲ ከፍተኛው መጠን፣ ኢ መቶኛ። ከዚያ ቋሚ፣ ፒአርኤን ወይም ዴፖ መሆኑ፣ ፒአርኤን ከሆነ ባለፉት 7 ቀናት ስንት ጊዜ እንደተሰጠ ይከተላል። መቶኛውና የአንድ ታካሚ ድምር በእነዚህ ይሰላል፦

```
=C2/D2*100
=SUMIF(A:A,"P07",E:E)
```

ለዴፖ ዲ ላይ የምትጽፉት ለዚያው የጊዜ ክፍተት የተፈቀደውን ጣሪያ ነው። መርፌው በየ4 ሳምንቱ ከሆነ ጣሪያውም የ4 ሳምንት ይሁን። በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥን መጠን ለሳምንት ጣሪያ ማካፈል የዴፖውን መቶኛ የእውነተኛውን አራት እጥፍ ያደርገዋል።

አንድ ታካሚ አብረን እናስላ። ኮዱ P07 ነው። ዋርዱ ቻርት ላይ ኦላንዛፒን 10 ሚ.ግ. ማታ ማታ ተጽፏል። ጣሪያው 20 ሚ.ግ. ነው፣ ስለዚህ 50%። ዴፖ ካርዱ ላይ ሃሎፔሪዶል ዴካኖኤት 100 ሚ.ግ. በየ4 ሳምንቱ አለ። ጣሪያው 300 ሚ.ግ. ነው፣ ስለዚህ 33%። ቻርቱ ጀርባ ላይ ሃሎፔሪዶል 5 ሚ.ግ. ፒአርኤን፣ በቀን እስከ ሁለት ጊዜ። በቀን 10 ሚ.ግ. ከ20 ሚ.ግ. ጣሪያ አንጻር 50% ነው። ድምር 133%።

አሁን ልብ በሉ። ኦላንዛፒኑን ያዘዘው ሐኪም ግማሽ መጠን እንደሰጠ ያውቃል። ዴፖውን የሚሰጠው ነርስ መጠኑ ዝቅተኛ እንደሆነ ያውቃል። ፒአርኤኑን የጻፈው ተረኛ ሐኪም ያዘዘው መደበኛ ነገር ነው። ማንም አልተሳሳተም፣ ድምሩ ግን ጣሪያውን አልፏል። ሦስቱም የተጻፉት በሦስት የተለያየ ቦታ ስለሆነ ደምሮ ያየ ሰው የለም። ፒአርኤኑን ብትተዉት 83% ሆኖ መስፈርት 1ን ያልፍ ነበር። በመስፈርት 2 በኩል ግን ኦላንዛፒንና ዴፖ ሁለቱም ቋሚ ስለሆኑ፣ የመቀየሪያ ዕቅድ ካልተገኘ አያልፍም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመሰብሰባችሁ በፊት ተስማሙበት

ቻርት ስታዩ አደገኛ ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ። ኪውቲሲው ከ500 ሚሊ ሰከንድ በላይ የሆነ ኢሲጂ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጦ ማንም ያላየው ሊሆን ይችላል። የኦዲት ሰብሳቢ ሪፖርት እስኪጻፍ መጠበቅ የለበትም። ያኔውኑ ለታካሚው ሐኪም ይነግራል። ለማን እንደሚነገርና በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ድምሩ 133% ስለሆነ ብቻ ማንም ሰብሳቢ «ይህ ይቁም» ማለት የለበትም። አንቲሳይኮቲክ በድንገት ሲቀነስ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ክሎዛፒን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው። የኦዲቱ ሥራ ማሳየት ነው። የሚቀንሰው ሕክምናውን የሚመራው ሐኪም ነው፤ ቀስ በቀስ፣ ከታካሚው ጋር ተነጋግሮ።

ሦስተኛው ስለ ምስጢር ነው። ስምና የካርድ ቁጥር ሠንጠረዡ ላይ አይግባ። ኮዱንና ስሙን የሚያገናኘው ዝርዝር ከዋርዱ አይውጣ። በስልክ የተነሳ የቻርት ፎቶ ጨርሶ አይፈቀድ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን አስሉ

ለማስረዳት የሠራሁትን ምሳሌ እንመልከት። በቆጠራው ቀን ዋርዱ ላይ 34 ሰዎች አሉ። 30ዎቹ ቢያንስ አንድ አንቲሳይኮቲክ ታዞላቸዋል።

መስፈርት 1፦ 11 ሰዎች ከ100% በላይ ናቸው። ከእነሱ ምክንያት የተጻፈላቸው 2 ናቸው። ስለዚህ 19 እና 2 ተደምረው 21 ሰዎች አሟልተዋል፤ ከ30 ሲሰላ 70%። ከ11ዱ 8ቱ ጣሪያውን ያለፉት በፒአርኤን ብቻ ነው።

መስፈርት 2፦ 8 ሰዎች ሁለት ቋሚ መድኃኒት አላቸው። 3ቱ ማብቂያ ቀን ያለው የመቀየሪያ ዕቅድ ስላላቸው ከቆጠራው ይወጣሉ። ታች የሚጻፈው ቁጥር 30 መሆኑ ቀርቶ 27 ይሆናል። 22 አሟልተዋል፤ 81%። ልዩ ሁኔታዎቹን «አሟልተዋል» ብላችሁ ከላይ ከደመራችኋቸው 83% ይወጣል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ዳግም ኦዲቱ ላይ ሌላ ሰው በሌላኛው መንገድ ካሰላው ግን የሌለ ለውጥ ይታያል። የትኛውን መንገድ እንደተከተላችሁ የትርጉም ወረቀቱ ላይ ጻፉ።

መስፈርት 3፦ ከ11 ሰዎች 4ቱ ኢሲጂ አላቸው፤ 36%።

መስፈርት 4፦ 18 የፒአርኤን ትዕዛዞች አሉ፤ 6ቱ ሙሉ ናቸው፤ 33%። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ታካሚ ሳይሆን ትዕዛዝ መሆኑን አስተውሉ። በዚህ ምሳሌ ክፍተቱ ሁሉም ላይ ስለተጻፈ ያልተሰላ አልነበረም።

ሪፖርት ላይ መቶኛውን ብቻ አታስቀምጡ፣ ቁጥሩንም አብሩ። «36%» እና «ከ11 ሰዎች 4» ለአንባቢ የተለያየ ነገር ይናገራሉ።

ደረጃ 8፦ ምክንያቱን ፈልጉ፣ አንድ ወይም ሁለት ነገር ለውጡ

ውጤቱን ለዋርዱ ሰዎች ስታቀርቡ የሐኪም ስም አታንሱ። ስም ከተነሳ ስብሰባው ወደ መከላከል ይለወጣል፣ ምክንያቱም አይገኝም።

ሁለት ምክንያቶች በተደጋጋሚ ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ሰው ሲገባ ፒአርኤን በልማድ ይጻፋል፣ የሚሰርዘው ግን የለም። ይህን የምታውቁት «ባለፉት 7 ቀናት ስንት ጊዜ ተሰጠ» ከሚለው ዓምድ ነው። አብዛኛው ላይ ዜሮ ካያችሁ ትዕዛዙ የሚያገለግለው ማንንም አይደለም። ሁለተኛው መሀል ላይ የቆመ መቀየር ነው። አንደኛውን ለመቀነስ ሁለተኛው ይጀመራል፤ ታካሚው ይሻለዋል፤ «አሁን ምን ነካን፣ እንተወው» ይባላል። ሰውየውም ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ምልክቱ፦ ሁለተኛው መድኃኒት ከተጀመረ ብዙ ሳምንታት አልፈዋል፣ የአንደኛው መጠን ግን ከመሀል ላይ አልተንቀሳቀሰም።

ለውጡ ከምክንያቱ ይነሳ። ለፒአርኤን፦ ማንኛውም አንቲሳይኮቲክ ፒአርኤን ከ7 ቀን በኋላ እንደገና ካልተጻፈ እንዲያበቃ፣ በሳምንቱ ዙር ላይም ፋርማሲስቱ ድምሩን በመቶኛ ቻርቱ ላይ እንዲጽፍ። ለተቋረጠው መቀየር፦ ሁለተኛው መድኃኒት ሲጀመር የአንደኛው ማብቂያ ቀን እዚያው እንዲጻፍ። «ሥልጠና እንሰጣለን» የሚለውን ብቻውን አትመኑበት። ተረኛ ሐኪሞች ይቀያየራሉ። ሥልጠናው ከእነሱ ጋር ይሄዳል፣ ቻርቱ ላይ የታተመ ሳጥን ግን ይቀራል።

ለእያንዳንዱ ለውጥ ኃላፊና ቀን ጻፉ። «ዋርዱ ይከታተላል» የሚል መስመር ማንም አይከታተለውም።

ደረጃ 9፦ ዳግም ኦዲት

ቀኑን የምትወስኑት ዛሬ፣ የመጀመሪያውን ሪፖርት ስታቀርቡ ነው። ለውጡ ሥራ ላይ ከዋለ ከ3 እስከ 6 ወር ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ለውጡ አልሰረጸም፣ በጣም ከዘገየ ደግሞ መረጃ ሰብሳቢዎቹም ሐኪሞቹም ተቀይረዋል።

ሁሉም ነገር እንደ መጀመሪያው ይሁን፦ ያው ፎርም፣ ያው የትርጉም ወረቀት፣ ያው የፎርሙላሪ እትም፣ ያው የአንድ ቀን ቆጠራ። መስፈርት ማሻሻል ካማራችሁ ዳግም ኦዲቱን በአሮጌው ጨርሱና አዲሱን ለሦስተኛው ዙር አቆዩት። መሀል ላይ አዲስ የፎርሙላሪ እትም ወጥቶ የአንድ መድኃኒት ጣሪያ ከተቀየረ በሁለቱም አስሉና ሁለቱንም አሳዩ።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከአራት ወር በኋላ ዋርዱ ላይ 33 ሰዎች አሉ፣ 28ቱ አንቲሳይኮቲክ ታዞላቸዋል። ከ100% በላይ የሆኑት 4 ናቸው፣ ለ2ቱ ምክንያት ተጽፏል። መስፈርት 1 ከ28 ሰዎች 26 ሆነ፤ 93%። በመስፈርት 2፣ 6 ሰዎች ሁለት ቋሚ አላቸው፣ 4ቱ የተጻፈ ዕቅድ አላቸው፤ ከ24 ሰዎች 22፤ 92%። ኢሲጂ ከ4 ሰዎች 3። የፒአርኤን ትዕዛዞች ከ18 ወደ 11 ወርደዋል፣ 9ኙ ሙሉ ናቸው፤ 82%።

ጥሩ ውጤት ነው። ነገር ግን «ተሳክቷል» ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ከ30 ሰዎች 11 የነበረው ከ28 ሰዎች 4 መሆኑ በከፊል የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቀን ከበድ ያሉ ታካሚዎች ቀንሰው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንቲሳይኮቲክ ፒአርኤን ሲቀንስ ሌላ ነገር ጨምሯል? የሎራዜፓም ወይም የዳያዜፓም ፒአርኤን አሰጣጥ፣ ሰው በግድ የተያዘበት ወይም ለብቻው የተለየበት ቁጥር በሁለቱ ጊዜያት ስንት ነበር? እነዚህ ከጨመሩ ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተፈታም። ስለዚህ የእነዚህን ቁጥር በመጀመሪያው ኦዲት ወቅትም መዝግባችሁ ያዙ፤ ኋላ ተመልሶ መሰብሰብ ያስቸግራል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- *የተሰጠውን ከታዘዘው ጋር ማደባለቅ።* መስፈርት 1 የሚለካው የታዘዘውን ነው። የተሰጠው ለብቻው ዓምድ አለው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ድምሩ ለምን እንደወረደ ማስረዳት አይችልም።
- *ባዶ ሳጥን።* ባዶ ማለት «የለም» ነው ወይስ «አላየሁም»? ፎርሙ ላይ ሦስት ምርጫ ይኑር፦ አዎ፣ የለም፣ አልተገኘም።
- *መቶኛውን እንደ ጥንካሬ መለኪያ ማየት።* ስሌቱ የሚነግረን ከተፈቀደው ጣሪያ አንጻር የት እንዳለን ነው። የሁለት መድኃኒት 50% እኩል ኃይል አለው ማለት አይደለም። ድምሩ 90% የሆነ ሰው ኢሲጂው ሊበላሽ ይችላል፤ 110% የሆነ ሰው ደህና ሊሆን ይችላል። መቶኛው ቆም ብላችሁ እንድታዩ የሚጠራ ደወል ነው።
- *ክሎዛፒንን መርሳት።* በአንዳንድ ቦታ የክሎዛፒን ክትትል በራሱ መዝገብ ይያዛል፣ እንደ ዴፖው ሁሉ ከዋርዱ ቻርት ውጪ ሊቀር ይችላል።
- *ሪፖርቱን አቅርቦ መቆም።* ዳግም ኦዲት የሌለው ኦዲት ዙሩ አልተዘጋም። ለሥራ ማስረጃ ብቻ የተሠራ ቆጠራ ሆኖ ይቀራል።

ዳግም ኦዲቱ ሲያልቅ አራት ነገሮችን በአንድ ፋይል አስቀምጡ፦ ባዶውን ፎርም፣ የመጨረሻውን የትርጉም ወረቀት፣ የፎርሙላሪውን እትምና የጣሪያዎቹን ዝርዝር፣ ስም የሌለውን ሠንጠረዥ። የፋይሉ ቦታ በዋርዱ ኃላፊና በፋርማሲው ይታወቅ። ሦስተኛውን ዙር የሚሠራው ሰው ምናልባት እናንተን ፈጽሞ አያገኛችሁም፤ ፕሮክሎርፔራዚንን ቆጥራችሁት እንደነበር ግን ከዚያ ወረቀት ላይ ማንበብ መቻል አለበት።